አይባንና የሒሳብ ቁጥር ከክፍያ በፊት ስለማጣራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሙን በትክክል ከጻፍኩ ባንኩ የቁጥሩን ስህተት ራሱ አይዝልኝም?

አብዛኛው ሰው ባንኩ ስሙንና ቁጥሩን አስተያይቶ ገንዘቡን ወደ ትክክለኛው ሰው እንደሚያደርስ ያስባል፤ ለብዙ ዘመን የነበረው አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የክፍያ ሕግ መሠረት፣ ባንኩ ላኪው በሰጠው አይባን፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ መሠረት ክፍያውን ከፈጸመ ክፍያው በትክክል እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ስም፣ አድራሻና የክፍያ ምክንያት ተጨማሪ መረጃዎች ናቸው፤ ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ የሚወስነው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ላኪው የተሳሳተ ነገር ግን በእርግጥ ያለ የሌላ ሰው ሒሳብ ቁጥር ከሰጠ፣ ገንዘቡ ወደዚያ ሒሳብ ይገባል፤ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ ተገቢውን ጥረት ከማድረግ በስተቀር የመተካት ግዴታ የለበትም። በቅርብ ጊዜ የመጣው የስም ማረጋገጫ ይህን ሁኔታ በከፊል ለውጦታል፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

አይባን ከምን ከምን የተሠራ ነው?

በጀርመን ምሳሌ ማየቱ ነገሩን ያቀለዋል። ባንኮችና የመማሪያ ጽሑፎች ለማሳያ የሚጠቀሙበት የታወቀ ቁጥር ይኸው፦

```
DE89 3704 0044 0532 0130 00
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የአገሩ መለያ ናቸው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቁጥሮች፣ እዚህ ላይ 89፣ የማረጋገጫ አሃዞች ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአገር ውስጥ የሚሠራበት ቁጥር ሲሆን አሠራሩን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል፤ በጀርመን 8 አሃዝ የባንክ መለያ (37040044) እና 10 አሃዝ የሒሳብ ቁጥር (0532013000) ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በባንክ ካርድ ወይም በቆየ ደብዳቤ ላይ 532013000 ተብሎ በ9 አሃዝ ተጽፎ ቢገኝ፣ አይባን ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ዜሮ ተጨምሮበት 10 አሃዝ ይሞላል። ያቺን ዜሮ መጣል በተደጋጋሚ ከሚታዩት ስህተቶች አንዱ ነው።

ርዝመቱ በየአገሩ ይለያያል፣ በአንድ አገር ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። የጀርመንና የእንግሊዝ 22፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና የእስራኤል 23፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የስዊድን 24፣ የጣሊያን 27 ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ማንኛውም አይባን ከ34 ሊበልጥ አይችልም። በአራት በአራት ተከፋፍሎ የሚጻፈው ለዓይን እንዲመች ብቻ ስለሆነ ባዶ ቦታዎቹ አይቆጠሩም። ከሁሉ በፊት ርዝመቱን መቁጠር ይገባል፤ አንድ አሃዝ የጎደለበት ወይም የተደገመበት ቁጥር ያለ ምንም ስሌት እዚህ ላይ ይያዛል።

በማረጋገጫ አሃዞቹ የሚደረገው ስሌት እንዴት ነው?

የመጀመሪያዎቹን አራት ምልክቶች፣ ማለትም የአገሩን መለያና የማረጋገጫ አሃዞቹን፣ አንሥቶ ወደ መጨረሻ መውሰድ ነው። ከዚያ ፊደላቱ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፤ A 10፣ B 11 እያለ እስከ Z 35 ይደርሳል። በዚህ መሠረት D 13፣ E ደግሞ 14 ይሆናል። የተገኘው ረጅም ቁጥር ለ97 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ሌላ ማንኛውም ቀሪ ከመጣ ቁጥሩ ስህተት ነው። ከላይ ያለው ምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

```
370400440532013000 131489
```

ይህ 24 አሃዝ ያለው ቁጥር በስልክ ካልኩሌተር ላይ በትክክል አይያዝም፤ ነገር ግን ከፋፍሎ መሥራት ይቻላል፣ ውጤቱም ያው ነው። በመጀመሪያ ከግራ 9 አሃዝ ይወሰዳል፦ 370400440። ይህ ለ97 ሲካፈል 3818561 ከነሽርፍራፊው ይሰጣል፤ ሽርፍራፊው ተጥሎ 3818561 በ97 ሲባዛ 370400417 ይሆናል፣ ከመነሻው ሲቀነስ ቀሪው 23 ነው። ይህ 23 ከቀጣዮቹ 7 አሃዞች ፊት ይጻፍና 235320130 ይሆናል፤ በተመሳሳይ መንገድ ሲካፈል ቀሪው 70 ይመጣል። እሱም ከቀጣዮቹ 7 አሃዞች ፊት ገብቶ 700013148 ሲሆን ቀሪው 38 ነው። የቀረችው አንዲት አሃዝ 9 ናትና 389 ይሆናል፤ 97 ሲባዛ በ4 388 ስለሆነ ቀሪው 1 ነው። ቁጥሩ ስሌቱን አልፏል።

ስሌቱ የትኞቹን ስህተቶች ይይዛል?

ሰው በእጁ ሲጽፍ የሚሠራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ይይዛል። በምሳሌያችን የሒሳብ ቁጥር ውስጥ 32 የሚለው ተገልብጦ 23 ቢሆን፣ ማለትም 0532 የነበረው 0523 ተብሎ ቢጻፍ፣ የመጀመሪያው ቀሪ 23 እንደነበረ ይቆያል፣ ሁለተኛው ግን 86፣ ሦስተኛው 90፣ የመጨረሻው ደግሞ 36 ይሆናል። 1 አይደለምና ክፍያው መቆም አለበት።

97 የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ቁጥሩ ለሌላ የማይካፈል በመሆኑ አንድ አሃዝ ብቻ በሌላ አሃዝ ከተተካ ስህተቱ ፈጽሞ አያመልጥም። የሚለያዩ ሁለት አሃዞች ቦታ ቢቀያየሩም፣ ጎን ለጎን ቢሆኑም ተራርቀው ቢሆኑም፣ ስሌቱ ሁልጊዜ ይይዛቸዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አይባንን ከልክ በላይ ማመን ይጀምራል፤ ስለዚህ ቀጣዩን መልስ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሚያመልጠውስ ምን ዓይነት ስህተት ነው?

በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት አሃዞች በተለያየ መንገድ ከተሳሳቱ ሊያመልጥ ይችላል። የሚከተሉትን ሁለት ቁጥሮች ያስተያዩ፦

```
DE89 3704 0044 0532 0130 00
DE89 3704 0044 0532 1100 00
```

ሁለቱም ስሌቱን ያልፋሉ፣ ሁለቱም 89 የሚል ማረጋገጫ አላቸው። ምክንያቱም በሒሳብ ቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት 97000 ነው፤ ይህም ለ97 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በአንድ ባንክ ውስጥ ልዩነታቸው የ97 ብዜት የሆኑ ሒሳቦች ሁሉ አንድ ዓይነት የማረጋገጫ አሃዝ ይኖራቸዋል። በደፈናው የተጻፈ ቁጥር በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ ከ97 አንድ ያህል ነው። ይህ ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ክፍተት ግን የስሌት ጉዳይ አይደለም። ስሌቱ የሚናገረው ቁጥሩ በደንቡ መሠረት የተጻፈ መሆኑን ብቻ ነው። ሒሳቡ በእርግጥ መከፈቱን፣ ተዘግቶ እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ አይናገርም። አንድ አጭበርባሪ የአቅራቢውን ኢሜይል ሰብሮ በመግባት ኢንቮይሱ ላይ የራሱን አይባን ቢተካ፣ የአጭበርባሪው አይባን በእውነተኛ ባንክ የተሰጠ ስለሆነ ስሌቱን ያለምንም ችግር ያልፋል። ስለዚህ አንድ የምታውቁት ተከፋይ «ሒሳባችንን ቀይረናል» የሚል መልእክት ሲልክ፣ በመልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በእጃችሁ በነበረው ስልክ ደውላችሁ አዲሱን ቁጥር በቃል ማንበብ ይገባል። የአገሩ መለያ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ በ DE ይጀምር የነበረው የጀርመን ድርጅት ቁጥር በሌላ አገር መለያ ከመጣ፣ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

የማረጋገጫ አሃዞቹ ስለማይነበቡ ወይም ስለጎደሉ ራሴ አስልቼ ልሙላቸው?

በጭራሽ አይሙሏቸው። ማስላቱ ቀላል ነው፤ በማረጋገጫው ቦታ 00 አስገብቶ ቀሪውን ማግኘትና ከ98 መቀነስ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ቀሪው 9 ይሆናል፣ 98 ሲቀነስ 9 ደግሞ 89 ይሰጣል። ችግሩ ግን ይህን በማድረጋችሁ ብቸኛውን መከላከያ ራሳችሁ ታፈርሱታላችሁ፤ በሒሳብ ቁጥሩ ውስጥ ስህተት ቢኖር አዲሱ ማረጋገጫ ከስህተቱ ጋር ተስማምቶ ይሠራለታል። ማረጋገጫው ዋጋ የሚኖረው ሒሳቡን ከሚያውቅ ባንክ ሲመጣ ነው። «ስሌቱ አላለፈልኝም፣ ማረጋገጫው ቢስተካከል ያልፋል» ብሎ 89 የሚለውን ወደ 54 ወይም ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርም ያው ነገር ነው፤ የተበላሸው ማረጋገጫው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ክፍል ነው። ተቀባዩ ከባንክ መተግበሪያው ወይም ከሒሳብ መግለጫው ላይ እንደገና ይላክላችሁ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ትክክለኛ ማረጋገጫ ከ02 እስከ 98 ባለው ውስጥ ብቻ ይወድቃል። 00፣ 01 ወይም 99 ከተጻፈ፣ ቀሪው 1 ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቁጥሩን ማንም ባንክ አልሰጠውም ማለት ነው።

ከቴሌግራም ወይም ከፒዲኤፍ ኮፒ አድርጌ ለጥፌዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላጣራ?

ኮፒ ማድረግ በእጅ ከመጻፍ ይሻላል፣ የራሱ ጉድለቶች ግን አሉት። «IBAN» የሚለው ቃል ራሱ ከቁጥሩ ጋር ተለጥፎ ይመጣል፤ በፒዲኤፍ ላይ መስመሩ ሲታጠፍ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይቀራሉ፤ ዓይን የማያያቸው ባዶ ምልክቶችም በመካከል ይገባሉ። ፎቶ ከተነሣ ወረቀት ላይ ሲነበብ ደግሞ ፊደሉ O እና ዜሮ፣ ፊደሉ I እና 1 ይምታታሉ። በጀርመን አይባን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት በኋላ ቁጥር ብቻ ስለሆነ እዚያ O ካያችሁ ስህተት ነው፤ በእንግሊዝ አይባን ግን ከማረጋገጫው በኋላ አራት የባንክ መለያ ፊደላት ስላሉ ፊደል መኖሩ ብቻውን ምልክት አይሆንም።

ደመወዝ ወይም የአቅራቢዎች ክፍያ በኤክሴል የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ኤክሴል በቁጥርነት የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን በዜሮ ይተካዋል፣ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ከፊት ያለችውን ዜሮም ይጥላታል። በፊደል የሚጀምር አይባን እንደ ጽሑፍ ስለሚያዝ ይተርፋል፤ የሒሳብ ቁጥሩ ብቻውን ሲገባ ግን ጉዳት ይደርስበታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 13 አሃዝ ያለው ቁጥር አይቆረጥም፤ ሆኖም `1.00012E+12` በሚመስል አጻጻፍ ሊታይ ይችላል፤ በዚያ መልኩ ወደ ሌላ ፋይል ከተላለፈ የጠፉት አሃዞች ከዚያ ፋይል ላይ አይገኙም። ዓምዱን ቁጥሮቹን ከማስገባታችሁ በፊት «Text» አድርጉት። ካስገባችሁ በኋላ መቀየር የጠፋውን አይመልስም።

ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ ለማጣራት ምን ልጠቀም?

በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃል፣ የሰዎችን የሒሳብ ቁጥር በማታውቁት ድረ ገጽ ላይ ከመለጠፍም ያድናል፦

```python
LEN = {"DE": 22, "GB": 22, "AE": 23, "IL": 23, "SA": 24}

def iban_ok(s):
    s = s.replace(" ", "").upper()
    if len(s) != LEN.get(s[:2]):
        return False
    s = s[4:] + s[:4]
    return int("".join(str(int(c, 36)) for c in s)) % 97 == 1
```

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አገር ሁሉ `False` ስለሚመጣ የምትልኩባቸውን አገሮች ርዝመት መጨመር አለባችሁ። `ValueError` ከመጣ በቁጥሩ ውስጥ ከፊደልና ከቁጥር ውጭ የሆነ ምልክት ገብቷል ማለት ነው።

ባንኬ ስሙን አመሳክሮ «በከፊል ይመሳሰላል» የሚል መልስ ሰጠኝ። ምን ማለት ነው?

ከ2025 ጥቅምት 9 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በዩሮ በሚጠቀሙ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያሉ ባንኮች፣ ላኪው የጻፈውን ስም ከአይባኑ ባለቤት ስም ጋር ከክፍያው በፊት የማመሳከር ግዴታ አለባቸው። በእንግሊዝ ተመሳሳይ አገልግሎት የተጀመረው በ2020 ነው። መልሱ ይመሳሰላል፣ በከፊል ይመሳሰላል፣ አይመሳሰልም ወይም ማጣራት አልተቻለም ሊሆን ይችላል። በከፊል ሲመሳሰል ባንኩ የባለቤቱን የተመዘገበ ስም ያሳያችኋል።

በኢትዮጵያውያን ስም ላይ ይህ መልስ የሚመጣበት ግልጽ ምክንያት አለ። አንድ ሰው በፓስፖርቱ Tesfaye ተብሎ ተመዝግቦ ላኪው Tesfay ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ የአባትና የአያት ስምም በአውሮፓ የቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ስለዚህ በከፊል መመሳሰል ሲመጣ የሚታየውን ስም በእርጋታ አንብቡ። ልዩነቱ የፊደል አጻጻፍ ብቻ ከሆነ በባንኩ ስም አስተካክሎ መቀጠል ይቻላል። የሚታየው ስም ሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም መልሱ አይመሳሰልም ከሆነ፣ ተቀባዩን ሳታነጋግሩ አትቀጥሉ፤ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የላካችሁት ገንዘብ ኃላፊነቱ በእናንተ ላይ ይወድቃል። ይህ ማመሳከሪያ በየአገሩና በየክፍያው ዓይነት የተወሰነ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በስዊፍት ወደ ጀርመን ሲላክ ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ወደ ኢትዮጵያ ስልክ ቅጹ አይባን ይጠይቀኛል። የኢትዮጵያ ባንክ አይባን ከየት አገኛለሁ?

የለም። ኢትዮጵያ በአይባን አሠራር ውስጥ አልገባችም፤ በ ET የሚጀምር አይባን «እናዘጋጅላችኋለን» የሚል ድረ ገጽ ቢያጋጥማችሁ የሚሰጣችሁ ቁጥር ምንም ዋጋ የለውም፣ በአጋጣሚ ስሌቱን ቢያልፍ እንኳ። የሚያስፈልገው የባንኩ ስዊፍት ኮድ፣ የሒሳብ ቁጥሩና የባለሒሳቡ ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ በተጻፈበት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። የስዊፍት ኮድ አምስተኛና ስድስተኛ ፊደላት አገሩን ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ `CBETETAA` ነውና በዚያ ቦታ ET ይነበባል። ቅጹ ያለ አይባን አልቀጥልም ካለ የተቀባዩን አገር በትክክል መምረጣችሁን እዩ፤ አገሩ ትክክል ከሆነ የላኪውን ባንክ ወይም ድርጅት ጠይቁ፣ የፈጠራ ቁጥር ግን አታስገቡ።

ለኢትዮጵያ የሒሳብ ቁጥሮች ማንም ሰው በቤቱ ሊያሰላው የሚችል የጋራ ስሌት ስለሌለ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚታመነው በአገር ቤት ያለ ሰው የባንኩን የሞባይል መተግበሪያ ከፍቶ ቁጥሩን ቢያስገባ የሚመጣው የባለሒሳቡ ስም ነው፤ ገንዘብ ሳይልክ ስሙን አይቶ መውጣት ይችላል። ያንን ስም ለላኪው እንደሚታየው አድርጎ ይላክለት።

በአሜሪካስ?

አሜሪካም አይባን አትጠቀምም። እዚያ ባንኩን የሚለየው 9 አሃዝ ያለው የራውቲንግ ቁጥር ማረጋገጫ አለው፤ አሃዞቹ በተራ በ3፣ በ7፣ በ1 እየተባዙ ይደመራሉ፣ ድምሩም ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ለምሳሌ `021000021` ሲሰላ 14፣ 1፣ 14 እና 1 ተደምረው 30 ይሆናል፣ ትክክል ነው። ይሁንና ልዩነታቸው 5 የሆኑ ጎረቤት አሃዞች፣ እንደ 2 እና 7፣ ቢቀያየሩ ይህ ስሌት አይይዛቸውም። የሒሳብ ቁጥሩ ደግሞ ጭራሹኑ የጋራ ማረጋገጫ የለውም፤ ስለዚህ በአሜሪካ የራውቲንግ ቁጥሩ ማለፉ ስለ ሒሳቡ ምንም አይነግራችሁም።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ስህተቱን አየሁ። ምን ላድርግ?

ወዲያውኑ ወደ ራሳችሁ ባንክ ደውሉ፤ የሌላ ሰው ሒሳብ ወዳለበት ባንክ መደወል ጊዜ ከማባከን አያልፍም፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ ደንበኛቸው አይነጋገሩምና። የክፍያውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የላካችሁበትንና ልትልኩበት የፈለጋችሁትን አይባን ጎን ለጎን ጽፋችሁ አቅርቡ፤ የማስመለስ ጥያቄ እንዲላክም በግልጽ ጠይቁ። ቁጥሩ የሌለ ሒሳብ ከሆነ ገንዘቡ በአብዛኛው ይመለሳል፤ በስዊፍት የተላከ ከሆነ መካከል ያሉት ባንኮች ክፍያቸውን ቆርጠው ሊመልሱት ይችላሉ። የሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ከገባ ግን የዚያ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ባንኩ ማስመለስ ካልቻለ፣ በጽሑፍ ስትጠይቁት ገንዘቡን በሕግ ለመጠየቅ የሚያስችላችሁን በእጁ ያለ መረጃ ሊሰጣችሁ ይገደዳል፤ ጥያቄውን በስልክ ብቻ አትተዉት፣ ቀን ያለበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል አድርጉት።